ለ5 በርና ለ5 መስኮት ሊንቴል ስንት አርማታ፣ ስንት ብረት?

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር ላይ 7 በ8 ሜትር የሆነ የብሎኬት ቤት እየሠራሁ ነው። ኮለንና ግሬድ ቢም አለው፤ ከላይም ቶፕ ታይ ቢም ይኖረዋል፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የውጭው ግድግዳ ባለ 20፣ የውስጡ ባለ 15 ብሎኬት ነው። ውጭ ላይ የሳሎን መስኮት 2 ሜትር፣ ሁለት የመኝታ ቤት መስኮት 1.50፣ የኩሽና 1.20፣ የመታጠቢያ 0.60፣ ዋናው በር 1.20፣ የጓሮ በር 0.90 አለኝ። ውስጥ ሁለት በር 0.90፣ አንድ ደግሞ 0.70። ኮንትራክተሩ ለሊንቴል 1.5 ሜትር ኩብ አርማታና 14 ቤርጋ ባለ 12 ብረት ብሎ ጻፈልኝ። እኔ ስፋቱን ደምሬ በ20 በ20 ሳባዛው 0.46 ብቻ ወጣ። ማን ነው የተሳሳተው? ብረቱን ሁሉ ባለ 14 ባደርገውስ ቤቱ አይጠነክርም?»

ምላሽ፦

ኮንትራክተሩ የጻፈው ቁጥር ለሌላ ሥራ ከሆነ ትክክል ነው። የእርስዎ ግን ለየትኛውም ሥራ አይበቃም።

ከእሱ ልጀምር። የቤቱ ዙሪያ 30 ሜትር ነው። በእንዲህ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ቤት የውስጥ ግድግዳው ወደ 12 ሜትር ይሆናል። 30 ሜትሩን በ20 በ20፣ 12 ሜትሩን በ15 በ20 ብናባዛው 1.56 ሜትር ኩብ ይመጣል። 42 ሜትር ላይ አራት አራት ብረት ሲዘረጋ ደግሞ 168 ሜትር ነው፤ አንዱ ቤርጋ 12 ሜትር ስለሆነ ይኸውም ልክ 14 ቤርጋ። ስለዚህ ሰውየው ያሰበው በበርና በመስኮት አናት ላይ ብቻ የሚቀመጥ ሊንቴል ሳይሆን፣ ግድግዳውን ሁሉ እንደ መቀነት የሚዞር ሊንቴል ነው። «አጭበረበረኝ» ከማለትዎ በፊት «ዙሪያውን ነው ወይስ በየክፍተቱ?» ብለው ይጠይቁት።

ዙሪያውን የሚሄደው ሊንቴል ቦታ አለው። ኮለን የሌለው፣ ግድግዳው ራሱ ጣሪያውን የሚሸከም ቤት ከሆነ፣ በተለይ እንደ መተሐራ፣ አዳማና ሐዋሳ ባሉ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች፣ እኔ ራሴ ያለዚህ መቀነት አላስጀምርም። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጡ ሲደጋገም አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ እንዲህ ያለ ንቅናቄ ሲመጣ ማዕዘኖቹን አንድ ላይ የሚይዘው ይህ መቀነት ነው። የእርስዎ ቤት ግን ከታች ግሬድ ቢም፣ ከላይ ቶፕ ታይ ቢም፣ መሃል ላይ ኮለን አለው። ማሰሩን የሚሠራው ይህ አጽም ነው፤ ብሎኬቱ መሙያ ነው። ስለዚህ ለእርስዎ በየክፍተቱ የሚቀመጠው ሊንቴል ይበቃል፤ የምመክርዎም እሱን ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ስሌት እንምጣ። የደመሩት የክፍተቱን ስፋት ብቻ ነው፣ 11.40 ሜትር። ሊንቴል ግን አየር ላይ አይቆምም፤ በግራም በቀኝም ግድግዳው ላይ ቢያንስ 20 ሳ.ሜ መተኛት አለበት። 20 ሳ.ሜ የግማሽ ብሎኬት ርዝመት ነው፤ ለግንበኛው የሚመቸውም ለዚህ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ክፍተት ላይ 40 ሳ.ሜ ይጨመራል፤ አሥር ክፍተት ስላለዎት 4 ሜትር ቀርቶብዎታል። ሌላው ስህተት ሁሉንም በ20 በ20 ማባዛትዎ ነው፤ የውስጦቹ ወርዳቸው 15 ነው። ቁመቱን 20 ያደረጉት ግን ትክክል ነው። ሊንቴሉ አንድ ረድፍ ብሎኬት ቦታ ስለሚይዝ ቀጣዩ ረድፍ ሳይቆራረጥ ይቀጥላል።

ስለዚህ የውጭዎቹ ሊንቴሎች ርዝመት 2.40፣ ሁለት 1.90፣ ሁለት 1.60፣ 1.30 እና 1.00 ይሆናል፤ ድምሩ 11.70 ሜትር ነው። በ0.20 በ0.20 ሲባዛ 0.468 ሜትር ኩብ ይሰጣል። የውስጦቹ ሁለት 1.30 እና አንድ 1.10 ናቸው፤ 3.70 ሜትሩ በ0.15 በ0.20 ሲባዛ 0.111 ነው። ጠቅላላው 0.58 ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ ለሚፈስና ለሚባክነው 5 በመቶ ሲጨመር 0.61 ይሆናል። ክፍያ የሚከፍሉት በ0.58 ነው፤ ዕቃ የሚገዙት በ0.61።

0.61 ሜትር ኩብ አርማታ በ1:2:3 ሲቦካ አምስት ከረጢት ሲሚንቶ (ሁለት ኩንታል ተኩል ማለት ነው)፣ ከሜትር ኩብ ሲሶ ትንሽ ያነሰ አሸዋና ግማሽ ሜትር ኩብ የማይሞላ ጠጠር ይፈልጋል። የመለኪያ ሳጥኑ 50 በ40 በ18 ሳ.ሜ ከሆነ የሚይዘው 36 ሊትር ነው፤ አንድ ከረጢት ሲሚንቶም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ለአንድ ከረጢት ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር። ውሃው ከ25 ሊትር አይለፍ፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያም ይቀነሳል። ሳይት ላይ ለመቆጣጠር የምትመች አንድ ቁጥር ልስጥዎ፦ በዚህ ልክ የቦካ አንድ ከረጢት የሚሞላው ባለ 20 በ20ውን ሊንቴል 3 ሜትር ከ40 ገደማ ነው። የሳሎኑን 2.40 እና የመታጠቢያውን 1.00 ሞልቶ ያልቃል። በአንድ ከረጢት አምስትና ስድስት ሜትር ከተሞላ ግን ሲሚንቶው የሆነ ቦታ ሄዷል፣ ወይም ጠጠሩና አሸዋው በአካፋ እየተገመተ ገብቷል።

አሁን ብረቱ። «ባለ 14 ባደርገው ቤቱ አይጠነክርም?» ላሉት መልሱ አይጠነክርም ነው። ለምን እንደሆነ በትልቁ መስኮት ላይ ላሳይዎ። በሊንቴል ላይ የሚያርፈው ብዙ ሰው እንደሚያስበው የቤቱ ክብደት አይደለም። ሊንቴሉ ድንገት ቢጠፋ ከበላዩ የሚወድቀው ብሎኬት እንደ ድንኳን ሾጣጣ ቅርጽ ያለው ብቻ ነው፤ የቀረው እርስ በርሱ ተደጋግፎ ወደ ጎን ይሸከመዋል። በእርስዎ ቤት ደግሞ ከሊንቴሉ በላይ እስከ ቶፕ ታይ ቢም ያለው ግድግዳ ምናልባት 70 ሳ.ሜ ነው። ሾጣጣውን ትተን ሁሉንም እንቁጠረው ብንል እንኳ፣ 2 ሜትር በ0.70 የሆነ ባለ 20 ብሎኬት ግድግዳ ከነልስኑ 5 ኩንታል ያህል ይመዝናል። ሊንቴሉ ራሱ በዚያ 2 ሜትር ላይ 2 ኩንታል ነው። በድምሩ 7 ኩንታል። የጣሪያውን ክብደት ቶፕ ታይ ቢሙ ተሸክሞ ወደ ኮለን ያደርሰዋል።

ይህን 7 ኩንታል በተለመደው የጥንቃቄ ጭማሪ ስናሰላው፣ ከታች የሚያስፈልገው የብረት መጠን 55 ሚሊ ሜትር ካሬ አካባቢ ነው። አንድ ባለ 10 ብረት ብቻውን 78 ሚሊ ሜትር ካሬ አለው። ሁለት ባለ 14 ማለት 308 ነው፣ ከሚፈለገው ከአምስት እጥፍ በላይ። ያ ተጨማሪ ብረት ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ስለዚህ እስከ 1.50 ሜትር ላለ ክፍተት ከታች ሁለት ባለ 10፣ ከላይ ሁለት ባለ 8። ለሳሎኑ 2 ሜትር ከታች ሁለት ባለ 12፣ ከላይ ሁለት ባለ 8። አራቱን ብረቶች ዙሪያቸውን የሚያስረው ስታፋ ባለ 6፣ በየ15 ሳ.ሜ። ይህም ቢሆን በቂ ትርፍ ያለው ነው፤ ትርፉን የተውኩት ሳይት ላይ ብረቱ ወረቀት ላይ እንዳለው በትክክል ስለማይቀመጥ ነው።

የዚህ ሁሉ ወሰን ግልጽ ይሁን። ከሊንቴሉ በላይ ግድግዳ ብቻ እስካለ ድረስ ነው የሚሠራው። ከላይ የሶሌታ ወለል የሚያርፍበት ከሆነ፣ ወይም ክፍተቱ ከ2.50 ሜትር ካለፈ፣ ያ ሊንቴል መሆኑ ቀርቶ ቢም ነው፤ ለእሱ መሐንዲስ ሠርቶ የፈረመበት ስሌት ያስፈልጋል። ወደፊት ፎቅ የመጨመር ሐሳብ ካለዎትም አሁኑኑ ይናገሩ።

የብረቱን ግዢ እንቁጠር። የታችኛው ብረት ጫፉ በሁለቱም በኩል 10 ሳ.ሜ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ለመሸፈኛ አርማታ ከየጫፉ 2.5 ሳ.ሜ ይቀነሳል። ስለዚህ የአንዱ ብረት ርዝመት ከሊንቴሉ በ15 ሳ.ሜ ይበልጣል። ከሳሎኑ ውጭ ላሉት ዘጠኝ ሊንቴሎች ይህ 28.70 ሜትር ባለ 10 ይሆናል፤ ሦስት ቤርጋ ይግዙ። የላይኛው ባለ 8 ቀጥ ብሎ ስለሚገባ ለአሥሩም 29.80 ሜትር ነው፤ እሱም ሦስት ቤርጋ። ለሳሎኑ 2.55 ሜትር የሆኑ ሁለት ባለ 12 ብቻ ስለሚያስፈልጉ ቤርጋ አይግዙ፤ ከኮለኑ የተረፈ ቁራጭ ካለ ከዚያ ይቆረጥ። ሁለት ቁራጭ ቀጣጥሎ ማሰር ግን አይፈቀድም። በዚህ አጭር ርዝመት ብረቱ አንድ ወጥ መሆን አለበት።

ሰው ሁሉ የሚረሳው ስታፋውን ነው። ለባለ 20ው ሊንቴል ስታፋው በውጭ ልኩ 15 በ15 ሆኖ ከነመንጠቆው 75 ሳ.ሜ ይቆረጣል፤ ለባለ 15ው 10 በ15 ሆኖ 65 ሳ.ሜ። በየ15 ሳ.ሜ ሲደረደር የውጭዎቹ 87፣ የውስጦቹ 28 ይፈልጋሉ። በድምሩ 115 ስታፋ፣ 83.45 ሜትር ባለ 6 ነው። እንደምታዩት ከዋናው ብረት ሁሉ ይረዝማል። ከአንድ ቤርጋ ባለ 75 ሳ.ሜው በትክክል 16 ይወጣል፤ ሁሉም በጥንቃቄ ከተቆረጠ ሰባት ቤርጋ ይበቃል፤ ግን ለሚበላሽ ምንም ትርፍ ስለማይተው ስምንት ይያዙ። ጥቁር ሽቦ አንድ ኪሎ ይበቃል። ሲጠቃለል ሊንቴሎቹ ውስጥ የሚገባው ብረት 52 ኪሎ ተኩል ያህል ነው፤ በሜትር ኩብ 90 ኪሎ ገደማ። እንዲህ ላለ ቀላል ሊንቴል ከ80 እስከ 110 ኪሎ ከመጣ ስሌቱ ጤናማ ነው፤ 200 ካለፈ አንድ ነገር ተደርቧል።

ይህን ሁሉ ቁጥር አስተካክሎ ሊንቴሉን ማበላሸት ግን ቀላል ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የ1.80 ሜትር መስኮት ሊንቴል መሃሉ ላይ ከታች ወደ ላይ ተሰንጥቆ ባለቤቱ ጠራኝ። «አራት ባለ 12 አለበት፣ እኔው ራሴ ቆጥሬያለሁ» አለኝ። እውነቱን ነበር። ልስኑን አስነስቼ ከሥር በመዶሻና በመሮ ስቆፍር የመጀመሪያውን ብረት ያገኘሁት 8 ሳ.ሜ ከገባሁ በኋላ ነው። ብረት የሚያስረው ፌራዮ ለውስጥ ግድግዳ የቆረጠውን ትንሽ ስታፋ ለውጭው ተጠቅሞበት፣ የብረቱ ሳጥን አጥሮ፣ አርማታው ሲፈስ እንዳይሰምጥ ደግሞ ከላይ በሽቦ ተንጠልጥሎ ነበር። ብረቱ መሃል ላይ ተንሳፍፎ ቀርቷል። ሊንቴል ሲጫን ሥሩ ይለጠጣል፣ አናቱ ይጨመቃል፤ አርማታ መጨመቅን ይችላል፣ መለጠጥን አይችልም። ስለዚህ የታችኛው ብረት ዋጋ ያለው ሥሩ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ባለ 14 ቢሆንም መሃል ላይ ተቀምጦ ያንን ስንጥቅ አያስቆመውም ነበር።

ተቃራኒውም ያጠፋል። ብረቱ በቀጥታ ጣውላው ላይ ከተኛ፣ ጣውላው ሲነሳ ከሥር ይታያል። ልስን ይሸፍነዋል፤ ከጥቂት ክረምት በኋላ ግን ይዝጋል፣ ያብጣል፣ ልስኑን በብረቱ መስመር ይሰነጥቀዋል። መድኃኒቱ 2.5 ሳ.ሜ ውፍረት ያለው የሲሚንቶ ስፔሰር ነው፤ በየሜትሩ ሁለት ሁለት ከሥር ይገባል፣ ከጎንም እንዲሁ። የጠጠር ድንጋይ ከሥር መሸጎጥ አይተካውም፤ ሲወቀጥ ይንሸራተታል።

የሚያርፍበት ብሎኬት ደግሞ ባዶ ነው። ያ ሁሉ ሸክም የሚወርደው በእነዚያ ሁለት ግማሽ ብሎኬቶች ላይ ስለሆነ፣ ከሊንቴሉ ሥር ያሉት ሁለት ረድፎች ቀዳዳቸው በአርማታ ይሞላ። ይህ ሲቀር ከመስኮቱ የላይ ማዕዘን ተነስቶ ወደ ውጭ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ይመጣል። መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ከሥር የሚጀምር ስንጥቅ ካዩ ግን ብረቱን ወይም ቶሎ የተነሳውን ድጋፍ ይጠርጥሩ። እንዲህ ዓይነት ክፍተት ላይ በስንጥቁ አቅጣጫ ብቻ ጥፋቱ የት እንዳለ አብዛኛውን ጊዜ ማወቅ ይቻላል።

የሳሎኑ መስኮት ኮለን ጋ ተጠግቶ ከሆነ አሁኑኑ ይለኩ። በኮለኑና በመስኮቱ መሃል 20 ሳ.ሜ ግድግዳ ከሌለ ሊንቴሉ የሚያርፍበት የለውም፤ ከኮለኑ የወጣ መቀጠያ ብረት ያስፈልጋል። ኮለኑ ሲሞላ ካልተተወ፣ ኮለኑን በመሰርሰሪያ በስቶ ብረቱን ለዚሁ በተሠራ ማጣበቂያ መትከል ይቻላል፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይሥራው። ኮለኑን ጠርቦ የስታፋውን ብረት ቆርጦ ማያያዝ ግን ቤቱን ራሱን መጉዳት ነው።

የበሩ ቁመት 2.10 የሚለካው ካለቀው ወለል ነው። ገና ሴራሚክና ከሥሩ ያለው ሙሊት ስላልገባ፣ አሁን ካለው ወለል ላይ የሚጨመረውን ውፍረት ደምረው የሊንቴሉን ሥር ያስቀምጡ፤ አለዚያ በሩ በኋላ ከታች ይላጋል።

ጎኑ ያለው ጣውላ በሁለተኛው ቀን ቢነሳ ችግር የለውም። ከሥር ያለው ጣውላና የባህር ዛፍ ድጋፉ ግን 14 ቀን ይቆይ። ግንበኛው በሦስተኛው ቀን «ደርቋል» ብሎ ድጋፉን ነቅሎ ከላይ ሊገነባ ይፈልጋል፤ መድረቅና መጠንከር ግን የተለያዩ ናቸው። ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ይጠጣ፤ ከላይ ያለውን ብሎኬት ከ7 ቀን በኋላ መደርደር ይቻላል፣ ድጋፉ ከሥሩ እንዳለ ከሆነ።

ስለዚህ ከኮንትራክተሩ ጋር ያለውን ጽሑፍ በዚህ ይቀይሩት፦ በየክፍተቱ የሚቀመጥ ሊንቴል፣ 0.58 ሜትር ኩብ፣ ግራና ቀኝ 20 ሳ.ሜ የሚያርፍ፣ ከታች ሁለት ባለ 10፣ ለሳሎኑ ሁለት ባለ 12፣ ከላይ ሁለት ባለ 8፣ ባለ 6 ስታፋ በየ15 ሳ.ሜ። አርማታው ከመቦካቱ በፊት ሜትር ይዘው ይሂዱና በእያንዳንዱ ጣውላ ውስጥ ሦስት ነገር ይለኩ፦ ከጣውላው እስከ ስታፋው ሥር 2.5 ሳ.ሜ መኖሩን፣ ጫፉ ግድግዳው ላይ 20 ሳ.ሜ መተኛቱን፣ የስታፋውን መራራቅ። አንዱ ጎድሎ ካገኙ በዚያ ሊንቴል ላይ ፌራዮው እስኪያስተካክል ሲሚንቶው ከረጢቱ ውስጥ ይቆይ።